ሲሊኮሲስና የከሰል አቧራ የሳንባ በሽታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድንጋይ የሚቆርጡ፣ ዋሻ የሚቆፍሩና ከሰል የሚያወጡ ሰዎች፣ እንዲሁም ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። አብዛኛው መልስ ድንጋይ ቆረጣ ላይ ያተኩራል። አሁን ላይ ወጣቶችን በፍጥነት እየጎዳ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። የከሰሉን ጉዳይ ደግሞ ቦታ ቦታው ላይ እያነሳን እንሄዳለን።

ሲሊኮሲስ ምንድን ነው? የከሰል ቆፋሪዎች በሽታስ ከሱ ይለያል?

ሲሊኮሲስ በሲሊካ አቧራ የሚመጣ የሳንባ ጠባሳ ነው። ሲሊካ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለ ማዕድን ነው። በጣም የተለመደው ዓይነቱ ኳርትዝ ይባላል። ድንጋዩ ሳይነካ ከተቀመጠ ማንንም አይጎዳም። ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፈጭ ወይም ሲለሰልስ ግን በጣም ደቃቅ ብናኝ ይወጣዋል። መዘዙ ያለው እዚያ ብናኝ ውስጥ ነው።

የከሰሉ በሽታ ብዙ ጊዜ "ጥቁር ሳንባ" ይባላል። እዚህ ላይ ሳንባ ውስጥ የሚጠራቀመው የከሰል ብናኝ ነው። ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ እየሠራ ይከማቻል። አጠገቡ ያሉት የአየር ከረጢቶችም እየሰፉ ይበላሻሉ። ንጹህ ከሰል በመጠን ሲታይ ከሲሊካ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። ሰው እስኪታመም ብዙ አቧራና ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ችግሩ፣ ከሰል ብቻውን አይገኝም። ከላዩና ከታቹ ድንጋይ አለ። ወፍራሙ የከሰል ንጣፍ ተቆፍሮ ሲያልቅ ቀጭኑ ይቀራል። ቀጭኑን ለማውጣት ደግሞ ማሽኑ ድንጋዩንም አብሮ መፍጨት አለበት። በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ከባዱ የጥቁር ሳንባ ዓይነት ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ያገረሸበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ብዙ የከሰል ቆፋሪዎች የሚታመሙት በሁለቱም አቧራ ነው። ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ገጽ ያቀረብናቸውም ለዚሁ ነው።

አቧራማ ሁሉም ሰው ይተነፍሳል። የድንጋይ አቧራ ምን የተለየ ነገር አለው?

አንደኛው ነገር መጠኑ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ ትልልቁን ብናኝ ይይዙታል። በንፍጥና በአክታ መልሰን እናወጣዋለን። ከአንድ ሚሊሜትር 200ኛ ክፍል የሚያንሰው ግን አልፎ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል። እዚያ ታች አክታ ጠርጎ የሚያወጣ ሥርዓት የለም። ይህን ደቃቅ ብናኝ በዓይን ነጥሎ ማየት አይቻልም። መሬት ላይ የሚታየው፣ ቅንድብ ላይ የሚጋገረው ነጭ ዱቄት በአብዛኛው ትልልቁ ነው። እሱን ካራገፍን በኋላ "አሁን ጸዳሁ" ማለት ያታልላል።

ደቃቁ ብናኝ አየር ላይ ብዙ ይቆያል። ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ 5 ማይክሮሜትር የሚሆን የኳርትዝ ብናኝ መሬት ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 1 ማይክሮሜትር የሚሆነው ደግሞ ወደ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። ማሽኑን አጥፍተው፣ አቧራው "ወርዷል" ብለው፣ ማስክዎን አውልቀው ምሳ ሲቀመጡ እየተነፈሱት ያሉት እሱን ነው። እንቅስቃሴ ካለ ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል።

ሁለተኛው ነገር የብናኙ ገጽ ነው። አዲስ የተሰበረ ኳርትዝ ገጹ ላይ ኬሚካላዊ ጉልበት አለው፤ ሕዋሳትን ይጎዳል። ጊዜ ሲቆይ ይህ ኃይል ይቀንሳል። በማሽን የሚቆርጥ ሰው የሚተነፍሰው በዚያው ቅጽበት የተሰበረውን ነው። ንፋስ ከሜዳ ካነሳው አሮጌ አሸዋ ጋር አንድ የማይሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

አየር ከረጢቶቹ ውስጥ ጽዳት የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ማክሮፌጅ ይባላሉ። ባክቴሪያም ሆነ ብናኝ ሲመጣ ይውጡታል፣ ያሟሙታል ወይም ይዘውት ይወጣሉ። የሲሊካ ብናኝ ግን አይሟሟላቸውም። ጭራሽ በሕዋሱ ሆድ ውስጥ ያለውን የመፍጫ ከረጢት ይቀደዋል። ሕዋሱ የቁጣ ኬሚካሎችን ይረጫል፣ ከዚያ ይሞታል። ሲሞት ብናኙ መልሶ ይለቀቃል። ሌላ ማክሮፌጅ ይመጣና ይውጠዋል። እሱም ይሞታል።

ይህ ዑደት ለምን እንደማይቆም ልብ ይበሉ። ብናኙ አላለቀም። ያው አንድ ብናኝ ለዓመታት አንዱን ሕዋስ ከአንዱ እያስከተለ ይገድላል። በየዙሩ የሚረጨው የቁጣ ኬሚካል ደግሞ ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትን ይጠራል። እነሱ ኮላጅን ያመርታሉ። ኮላጅኑ ብናኙን በክብ በክብ እየጠቀለለ ትንሽ ጠንካራ እብጠት ይሠራል። ሐኪሞች ኖድል ይሉታል። በአብዛኛው የሚጀምረው ከሳንባው የላይኛው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ላይ ኖድሎቹ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናቸው። ሳንባ ትርፍ አቅም ስላለው ሰውየው ምንም አይሰማውም። እየበዙ ሲሄዱ ግን እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። ከአንድ ሴንቲሜትር የሚበልጥ የጠባሳ ክምር ሲፈጠር በሽታው ወደ ከባዱ ደረጃ ተሸጋግሯል ማለት ነው። ክምሩ ሲኮማተር የአየር ቧንቧዎቹን አብሮ ይጎትታቸዋል። የቀረው ሳንባ ተወጥሮ ይሰፋል። የከሰሉም በሽታ ሲከፋ ወደዚሁ ዓይነት ክምር ይደርሳል። አንዳንዴ ክምሩ መሐሉ ይበሰብስና ቆፋሪው ጥቁር አክታ ይተፋል።

የሥራው አቧራ ቢቆምም ጠባሳው ሊቀጥል የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው "ሥራውን ትቼ እንዴት ባሰብኝ?" ብሎ ይደነግጣል። ሥራው ቆሟል፤ ብናኙ ግን አሁንም ውስጥ አለ።

የትኛው ድንጋይ ነው የከፋው?

ሲሊካው የበዛበት ነዋ። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው አነስተኛ ሲሊካ ነው ያላቸው። ግራናይት በግምት ሲሦው ሲሊካ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሁሉንም የሚያስንቀው ግን ለኩሽና ጠረጴዛ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ የያዘ አለ። አውስትራሊያ ይህን ድንጋይ መሥራትና መግጠም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ከልክላለች። እዚያ ውሳኔ ላይ የተደረሰው ወጣት ሠራተኞች እየታመሙ ስለታዩ ነው።

ኮንክሪት፣ ጡብና ሴራሚክም ሲሊካ አላቸው። አሸዋ በኃይል እየተረጨ ብረት የሚጸዳበት ሥራም እጅግ አደገኛ ነው። ቱርክ ውስጥ ጂንስ ሱሪ ያረጀ ለማስመሰል አሸዋ ይረጩ የነበሩ ወጣቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲሊኮሲስ ያዛቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራውን አገደች። እነዚህ ልጆች ማዕድን ማውጫ ገብተው አያውቁም።

ለመታመም ስንት ዓመት ይፈጃል?

በመጠኑ ይወሰናል። አቧራው መካከለኛ ከሆነ ከ10 ዓመት በላይ፣ ብዙ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህ የተለመደው ዓይነት ነው። አቧራው ሲበዛ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ሰው ሠራሽ ድንጋይ በደረቁ የሚቆርጡ ወጣቶች ላይ የሚታየው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት በወራት ውስጥ ይመጣል። አየር ከረጢቶቹ በፕሮቲንና በስብ የተሞላ ፈሳሽ ይይዛሉ። ሰውየው ፈጥኖ ይከሳል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። የሚተርፈው ጥቂት ነው። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የተቆፈረው የሆክስ ኔስት ዋሻ በዚህ ይታወሳል። ድንጋዩ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሲሊካ ነበር። በደረቁ ነበር የሚቆፈረው። ሠራተኞቹ በብዛት ሥራ ፍለጋ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ዋሻው ውስጥ የሠሩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ያንን ዋሻ ባሰብኩ ቁጥር የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ድንጋይ እያራሱ መቦርቦር ያኔም የታወቀ ዘዴ ነበር።

ምን ያህል አቧራ ነው "በዛ" የሚባለው?

እስቲ እናስላው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የሚፈቅደው በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ማይክሮግራም ደቃቅ ሲሊካ ነው። ሰው በመካከለኛ ሥራ ላይ በስምንት ሰዓት ውስጥ 10 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይተነፍሳል። 50 በ10 ሲባዛ 500 ማይክሮግራም ይሆናል። ግማሽ ሚሊግራም ማለት ነው። ከአሥር የማይበልጡ የገበታ ጨው ቅንጣቶች ክብደት በሉት። የቀኑ ጣሪያ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ውሃ፣ በግራይንደር ግራናይት ይቆርጣል እንበል። ፊቱ አካባቢ ያለው አየር 2 ሚሊግራም ሲሊካ በሜትር ኩብ ቢደርስ የሕጉ ገደብ 40 እጥፍ ይሆናል። በደረቅ ግራይንደር ሥራ ላይ ይህን ያህል መድረስ ብርቅ አይደለም። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ለ40 ሲካፈል 12 ደቂቃ ይሆናል። የቀኑን ጣሪያ በ12 ደቂቃ ጨረሰው ማለት ነው። "እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ አልቆርጥም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነው" የሚለው ሰው ይህን ስሌት ቢያይ ደስ ይለኛል። ሁለትና ሦስት ቁርጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ገደቡ ራሱ ፍጹም መጠበቂያ አይደለም። በገደቡ ልክ ሙሉ ዕድሜውን የሠራ ሰውም የተወሰነ ዕድል አለው ለመታመም። የከሰል አቧራ ገደብ በአሜሪካ 1.5 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ነው። ይህ ከሲሊካው 30 እጥፍ ነው። ሕጉ ራሱ የሁለቱን የጉዳት ልክ እንዴት ለይቶ እንደሚያይ እዚህ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ላይ ምን ይሰማኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ቀጥሎ ደረቅ ሳል ይመጣል። ከዚያ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ቀስ ብለው ስለሚመጡ ሰው አኗኗሩን ያስተካክላል። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዕቃ ማንሳቱን ለጓደኛው ይተወዋል፣ ዕድሜ ነው ይላል።

ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ የተገጣጠመ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ20 ዓመቱ ድንጋይ መቁረጥ የጀመረ ወጣት ነው። ሥራው በተዘጋ ዎርክሾፕ፣ በደረቁ ነው። ፊቱን በጨርቅ ይሸፍናል። በ26 ዓመቱ ጠዋት ጠዋት ያስለዋል። አቧራ ነው፣ ልማድ ነው ይላል። በ28 ዓመቱ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ማረፍ ጀመረ። ሐኪም ጋ ሄዶ ራጅ ተነሳ። የላይኛው ሳንባ ላይ ነጠብጣብ ታየ። ሐኪሙ ሥራውን አልጠየቀውም። ቲቢ ነው ተብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ወሰደ። ሳሉ አልተሻለውም። እየወሰደም ይቆርጥ ነበር። በ30 ዓመቱ ሌላ ሐኪም "ምን ትሠራለህ?" ብሎ ጠየቀው። ሲቲ ስካን ታዘዘ። ኖድሎቹ ተገጣጥመው ክምር መሥራት ጀምረዋል። ያን ቀን ሥራውን ተወ። ሆኖም ክምሩ በቀጣዮቹ ዓመታትም አደገ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዕድሎች አምልጠዋል። በ26 ዓመቱ ራጅ ተነስቶ ቢሆን ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ይታዩ ነበር። በ28 ዓመቱ ደግሞ ስለ ሥራው ቢጠየቅ ኖሮ ሁለት ዓመት ሌላ አቧራ ባልተነፈሰ ነበር።

ቲቢ ነው ወይስ ሲሊኮሲስ? እንዴት ይለያል?

ሁለቱም የላይኛውን ሳንባ ይወዳሉ፤ ራጅ ላይም ይመሳሰላሉ። ቲቢ ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያመጣል። ሲሊኮሲስ ብቻውን ከሆነ ብዙ ጊዜ ትኩሳት አይኖረውም። አክታ ተደጋግሞ ተመርምሮ ባክቴሪያው ካልተገኘ፣ በመድኃኒቱም ለውጥ ከሌለ፣ በዚያ ላይ ሰውየው አቧራ ላይ ዓመታት የሠራ ከሆነ ሲሊኮሲስን ማሰብ ግድ ነው።

ነገሩ ግን አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይደለም። ሲሊካ ቲቢን የሚከላከሉትን ሕዋሳት ይገድላል። ስለዚህ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዕድሉም ሥራ ካቆመ በኋላ ይቀጥላል። ሲሊኮሲስ እንዳለበት የታወቀ ሰው ድንገት ትኩሳት ከጀመረው፣ ከከሳ ወይም ደም ከተፋ "የድሮው በሽታዬ ነው" ብሎ መተኛት የለበትም። ጂን ኤክስፐርትን ጨምሮ የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሐኪሞች የቲቢ ሕክምናውን ሊያስረዝሙት ይችላሉ። ጤነኛ መስሎ የሚታይ የሲሊኮሲስ ታካሚም ድብቅ ቲቢ ይኖርበት እንደሆነ መመርመሩና የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገሩ ተገቢ ነው።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልበል? ምን ይመረመራል?

ከምንም በፊት ሥራዎን ይናገሩ። "ድንጋይ እሠራለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም። ምን ዓይነት ድንጋይ፣ በደረቁ ወይስ በውሃ፣ በተዘጋ ቦታ ወይስ ሜዳ ላይ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ የሚለውን ይንገሩ። የድሮ ሥራዎንም ይጨምሩ። ከ15 ዓመት በፊት ለሦስት ዓመት የሠሩት ሥራ ሊሆን ይችላል ቁልፉ። ምርመራው የሚቆመው በሁለት እግሩ ነው፤ በሥራው ታሪክና በራጁ።

ራጁን በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መመዘኛ ምስሎች እያመሳከሩ የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉ። የነጠብጣቡን ብዛት ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጡታል። ትልልቁን ክምር ደግሞ ለብቻው ይመድባሉ። ራጅ ቀደም ያለውን በሽታ ሊያመልጠው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል። በተለይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ለሚሠሩ ሰዎች ራጅ ንጹህ ነው ማለት ሳንባው ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

የትንፋሽ መለኪያው ስፓይሮሜትሪ ይባላል። በሙሉ ኃይልዎ ወደ ውጭ ይተነፍሳሉ፤ በአንድ ሰከንድ የወጣውና በጠቅላላ የወጣው አየር ይለካል። አንድ ጊዜ ተለክቶ "ኖርማል" ነው ቢባል ብዙ አይናገርም። ትርጉም የሚኖረው በየጊዜው ሲለካና ሲነጻጸር ነው። ሥራ ሲጀመር የተለካ ቁጥር ካለ ደግሞ ወርቅ ነው። ናሙና ከሳንባ መውሰድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሌላ በሽታ ሲጠረጠር ብቻ ነው የሚደረገው።

ማስክ አደርጋለሁ። አይበቃም?

የጨርቅም ሆነ የሆስፒታል ማስክ ለዚህ ሥራ ምንም ማለት ይቻላል አይጠቅምም። ደቃቁ ብናኝ በጨርቁም በዳሩም ያልፋል። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባሉት የተሻሉ ናቸው። ግን ከፊት ጋር ካልገጠሙ ዋጋ የላቸውም። ጢም ካለ አይገጥሙም። ቅድም ያሰላነውን ያስታውሱ። አየሩ ከገደቡ 40 እጥፍ ከሆነ፣ በትክክል ተገጥሞ አቧራውን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያወርድ ማስክ እንኳ አራት እጥፍ ያስቀራል። ማስክ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ዲስኩ ድንጋዩን የሚነካበት ቦታ ላይ ያለማቋረጥ ሲፈስ አብዛኛው አቧራ ሳይነሳ ይቀራል። ጥቂት ውሃ በጠርሙስ እያንጠባጠቡ መቁረጥ ግን አይሠራም። ጭጋግ የሚመስል ደረቅ ብናኝ አሁንም እየወጣ ካዩ ውሃው አንሷል። ኤሌክትሪክ ባለበት ደግሞ ውሃ እንዲገባበት የተሠራ መሣሪያና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ ሶኬት ያስፈልጋል። በተራ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሰው ይገድላል።

ውሃ የማይቻልበት ሥራ ላይ ዲስኩን የሚሸፍን ከለላና ከሱ ጋር የተያያዘ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ይሠራል። ተራ የቤት ቫኪዩም ብናኙን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል።

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው በጽዳት ሰዓት ነው። ሲቆርጡ የወጣው ጭቃ ካልታጠበ ይደርቃል። ደርቆ ሲረገጥና ሲጠረግ መልሶ ይነሳል። በኮምፕሬሰር አየር ልብስን ማራገፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ብናኙን በቀጥታ ወደ ፊት ይረጨዋል። ወለሉን ጭቃው ሳይደርቅ በውሃ ያጽዱ። የሥራ ልብሱን እዚያው ይቀይሩ። በአቧራማ ልብስ ቤት ገብቶ ልጅ ማቀፍ አይገባም።

መድኃኒት አለው?

ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ለሌላ የሳንባ ጠባሳ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ለዚህም ይጠቅሙ እንደሆነ እየተጠና ነው። ሳንባን በጨው ውሃ ማጠብ የሚባል አሠራር አለ። ፈሳሽ ለሚሞላው ፈጣን ዓይነት አንዳንዴ ይደረጋል። በኮላጅን የታሰረውን ብናኝ ግን አያወጣም። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁ።

ወተት መጠጣት አቧራውን ያጥባል የሚለውም ልክ አይደለም። የምንጠጣው ነገር ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። አየር ከረጢቶቹ ጋ አይደርስም። አሠሪዎች ወተት እየሰጡ የውሃና የቫኪዩም ወጪ ሲሸሹ ማየት ያሳዝናል።

የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ከአቧራው ፈጽሞ መራቅ። ሲጋራ ማቆም፤ ሲጋራውና አቧራው የአየር ቧንቧውን በየፊናቸው ይጎዳሉ፣ ሲሊካ ብቻውንም የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት መውሰድ። የቲቢ ክትትል ማድረግ። ቧንቧው ከጠበበ የሚነፋ መድኃኒት ይታዘዛል። የደም ኦክስጅን ሲወርድ ኦክስጅን ይሰጣል። በጣም ለከፋባቸው ጥቂት ሰዎች የሳንባ ንቅለ ተከላ ይደረጋል።

ሁለት ነገሮች ሲያዩ ቀን አይቁጠሩ። ድንገት በአንድ ወገን ደረት ላይ ውጋት መጥቶ ትንፋሽ ካጠረ ሳንባው ተቀዶ አየር ደረት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እግር ማበጥ ከጀመረ ደግሞ ልብ በሳንባው ጠባሳ ላይ ደም ለመግፋት እየተቸገረ ሊሆን ይችላል። እሱም በቶሎ መታየት አለበት።

ሥራውን ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደህና ነኝ። መመርመር ያስፈልገኛል?

አዎ። በሽታው ሥራ ከቆመ ከዓመታት በኋላም ሊታይ እንደሚችል ቀደም ብለን አይተናል። በተለይ በደረቁ የቆረጡ፣ ዋሻ ውስጥ የሠሩ ወይም አሸዋ የረጩ ሰዎች አንድ ራጅና አንድ የትንፋሽ መለኪያ ቢያደርጉ መነሻ ይኖራቸዋል። የራጁን ፊልም ወይም ሲዲ ለራስዎ ይያዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ነጠብጣቡ አዲስ ይሁን አሮጌ የሚለየው ከሱ ጋር አነጻጽሮ ነው። ካሳ የሚጠይቁ ከሆነም የት፣ መቼና ምን ይሠሩ እንደነበር በጽሑፍ ይያዙ፣ አብረዋችሁ የሠሩ ሰዎችንም ስም መዝግቡ። ድርጅቶች ይዘጋሉ፣ መዝገብ ይጠፋል። አብሮ ከሠራ ሰው አንዱ ከታመመ ደግሞ ሌሎቹም በዚያው ሳምንት ይመርመሩ። የተነፈሱት አየር አንድ ነው።